የሙከራ ጊዜና የተወሰነ ጊዜ ውል፤ አዲስ ሠራተኛ ለሚቀጥር ነጋዴ

በመርካቶ የቤት ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ በቀን 400 ብር ሒሳብ ሻጭ ቀጠረ እንበል። ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. «ለሦስት ወር» የሚል ውል አስፈረመው፤ ሦስቱ ወር ሲሞላም ሌላ ሦስት ወር ጨመረለት። ግንቦት 2 ቀን «ጊዜህ አልቋል» ብሎ አሰናበተው። የነጋዴው ሐሳብ የሠራተኛውን ጠባይና ትጋት እየተመለከተ መቆየት ነበር። በየሱቁ የሚታየው ይህ ልማድ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚደነግገው፣ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቆጠራል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ዋነኞቹ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሠራተኛ መተካት፣ ከወትሮው የበዛ ሥራና የወቅት ሥራ ናቸው። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችን ገንዘብ ያዥ ለመተካት የሚደረግ ውል እንግዲህ በትክክል የተወሰነ ጊዜ ውል ነው። ሱቁ ዓመቱን ሙሉ የሚፈልገው ሻጭ ግን፣ በወረቀቱ ላይ ሦስት ወር ስለ ተጻፈ ብቻ ጊዜያዊ አይሆንም። ዳኛው የሚመረምረው ወረቀቱን ሳይሆን የሥራውን ጠባይ ነው።

ሠራተኛን ለመፈተን ሕጉ ያዘጋጀው ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም በአንቀጽ 11 የተመለከተው የሙከራ ጊዜ ነው። ሙከራው በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን አንሥቶም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 መጠኑ 45 ተከታታይ ቀን ስለ ነበረ፣ አሮጌውን የውል ቅጽ ዛሬም የሚገለብጥ ሰው ይሳሳታል። የእኛ ነጋዴ ሙከራ በጽሑፍ ተዋውሎ ቢሆን ኖሮ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራው ሱቅ፣ እሑድንና የገናን በዓል ሳይቆጥር፣ 60ኛው ቀን ጥር 12 ላይ ይውል ነበር። እስከዚያ ድረስ ሻጩ ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊሰናበት ይችላል፤ እርሱም ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ጥር 13 ቀን ሥራ ከገባ ግን ውሉ ከኅዳር 2 ጀምሮ እንደ ጸና ይቆጠራል። ያንኑ ሰው ለያው ሥራ ደግሞ ቀጥሮ እንደገና መፈተን ክልክል ነው።

ሠራተኛው በሙከራ ላይ ሳለ መብት የለውም ማለት አይደለም፤ ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር ሙከራውን ከጨረሰው ጋር እኩል ነው። የሚጎድለው የሥራው ዋስትና ነው። በተወሰነ ጊዜ የተቀጠረው ተተኪ ደግሞ በአንጻሩ እስከ ቀኑ ድረስ ዋስትና አለው፤ ያለ በቂ ምክንያት ቢሰናበት የቀሪውን ጊዜ ደመወዝ፣ ከ180 ቀን ደመወዝ ሳይበልጥ፣ በካሳ ያገኛል።

የመርካቶው ሻጭ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድና ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ቢባል፣ ወደ ሥራው እንዲመለስ ሊታዘዝለት ይችላል። ካልተመለሰ የ180 ቀን ደመወዝ፣ ማለት 72,000 ብር፣ ከዚህም ላይ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ደመወዝ ይታሰብለታል፤ የሥራ ስንብት ክፍያው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።