ገና ሳትነሳ የሚነገራት ኮምፒውተር

ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ ርዝመቷ 65፣ ወርዷ 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መዳፍ ላይ ብትቀመጥ ቦታ ይተርፋል፤ ግን ሊኑክስ የሚሠራባት ሙሉ ኮምፒውተር ናት። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የላትም። የስክሪን መሰኪያዋም ሚኒ ኤችዲኤምአይ በመሆኑ የቴሌቪዥኑ ተራ ገመድ አይገባባትም። ስለዚህ ብዙ ሰው ስክሪንም ኪቦርድም ሳይሰካባት፣ ከላፕቶፑ ሆኖ በዋይፋይ ያዛታል። ትእዛዙ የሚያልፍበት መንገድ ኤስኤስኤች ይባላል። የሚጻፈው ሁሉ ተመስጥሮ ስለሚሄድ መሐል ላይ ማንም አያነበውም።

አስቸጋሪው መጀመሪያው ነው። ዋይፋይ ውስጥ እንድትገባ ፓስወርዱን ልንነግራት ይገባል፤ ለመንገር ደግሞ ቀድማ ዋይፋይ ውስጥ መግባት አለባት። ኤስኤስኤችም ለደኅንነት ሲባል ተዘግቶ ነው የሚመጣው። መፍትሔው ይህን ሁሉ ገና ኤሌክትሪክ ሳታገኝ ሚሞሪ ካርዷ ላይ ጽፎ መስጠት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በድሮ መመሪያ ይሳሳታል። ቀድሞ ካርዱ ላይ `ssh` የሚባል ባዶ ፋይልና የዋይፋዩን ስም የያዘ `wpa_supplicant.conf` ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። መግቢያውም ለሁሉም አንድ ነበር፤ ስሙ `pi`፣ ፓስወርዱ `raspberry`። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቁልፍ ቁልፍ አይባልምና እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ቀረ። በኦክቶበር 2023 የወጣው ቡክዎርም የተባለው ሲስተም ደግሞ የዋይፋዩን ሥራ ለሌላ ፕሮግራም ስላስረከበ፣ ያንን የዋይፋይ ፋይል አይቀበልም። ስህተት መኖሩን የሚናገር ስክሪን ስለሌለ ባለቤቱ የሚያየው ዝምታን ብቻ ነው።

ስለዚህ ፋይሉን በእጅ ከመጻፍ ካርዱን በ`Raspberry Pi Imager` ማዘጋጀት ይሻላል። ፕሮግራሙ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ሲስተሙንና ካርዱን ካስመረጠ በኋላ የግል ማስተካከያዎችን ይጠይቃል። ይህ ገጽ መታለፍ የለበትም። እኔ የኮምፒውተሯን ስም `guada`፣ የተጠቃሚውን ስም `selam` አልኩ፤ ፓስወርድ ሰጠሁ፤ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ጻፍኩ፤ አገሩን `ET` አደረግሁ፤ ኤስኤስኤችን ከፈትኩ። የአገሩ ምርጫ ለይስሙላ የገባ አይደለም። የተፈቀደው የሬዲዮ ሞገድ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የት እንዳለች ካልተነገራት ዋይፋይዋ ተዘግቶ ሊቀር ይችላል።

ካርዱን ከትቼ ኤሌክትሪክ ሰጠኋት። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ካርዱን እያነበበች ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው መነሳት ደቂቃዎች ይወስዳል፣ መሐል ላይም ራሷን ታጠፋና እንደገና ትነሳለች። በዚህ ጊዜ ተበላሸች ብሎ መንቀል ካርዱን ሊያበላሽ ይችላል። አሥር ደቂቃ ጠብቄ ላፕቶፑ ላይ ይህን ጻፍኩ፦

```
ssh selam@guada.local
```

መልሱ `Could not resolve hostname` ሆነ። በዚህ ስም የሚጠራ ኮምፒውተር አላገኘሁም ማለቱ ነው። የራውተሩን ገጽ ከፍቼ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ስመለከት እሷ የለችበትም። ከነጭራሹ ዋይፋይ ውስጥ አልገባችም ማለት ነው። ምክንያቱ እዚያው ገጽ ላይ ነበር። የቤቴ ራውተር ሁለት የዋይፋይ ስም ያሰራጫል፣ አንዱ በ2.4፣ ሌላው በ5 ጊጋኸርዝ። እኔ የሰጠኋት ላፕቶፔ የሚጠቀምበትን ባለ 5ቱን ነበር፤ ይቺ ኮምፒውተር ግን የምትሰማው 2.4ን ብቻ ነው። ካርዱን በትክክለኛው ስም እንደገና ጻፍኩት፤ ከደቂቃዎች በኋላ `guada` ዝርዝሩ ውስጥ ታየች።

መልሱ ሌላ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱም ሌላ ይሆን ነበር። `Connection refused` ካለ፣ ኮምፒውተሯ ተገኝታለች፤ ያልተከፈተው ኤስኤስኤች ነው፣ ወይም ገና ተነስታ አልጨረሰችም። `Permission denied` ካለ ዋይፋዩም ኤስኤስኤችም ደኅና ናቸው፤ የተሳሳተው የተጠቃሚው ስም ወይም ፓስወርዱ ነው። የተጠቃሚው ስም የሚሰጠው ካርዱ ሲዘጋጅ ስለሆነ፣ በመሞከር ብዛት `pi` ብላችሁ አትገቡም።

መጀመሪያ ስትገቡ ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ `yes` ብላችሁ መልሱ። ፓስወርዱ ሲጻፍ ምንም ፊደል አይታይም፤ ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም፣ ጽፋችሁ ጨርሱና ኢንተር በሉ። ሥራችሁን ስትጨርሱም ገመዱን ዝም ብላችሁ አትንቀሉ። `sudo poweroff` ብላችሁ አረንጓዴዋ መብራት እስክትጠፋ ጠብቁ፤ ከዚያ ንቀሉ።