የአያት ወጥ በባዕድ ቋንቋ ሲጻፍ

በዚህ ዘመን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሎንዶንና በዋሽንግቶን የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች፥ የቤታቸውን የወጥ አሠራር አማርኛ ለማያነብ ልጅ አስተርጕመው ይልካሉ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቃሉ ብቻ ተመልሶ የእጁ ሥራ ሳይመለስ ስለሚቀር፥ በዚያ አገር ከድስቱ የሚወጣው ወጥ የአያቲቱ ወጥ ሳይሆን ይቀራል። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ወይዘሮ ለልጃቸው ልጅ ወደ ሎንዶን የላኩት የዶሮ ወጥ አሠራር ወደ እንግሊዝኛ እንዴት እንደ ተመለሰ ነው።

ወይዘሮዋ የተናገሩት ቃል ይህ ነበረ፤ «ሽንኩርቱን አድቅቀሽ ክተፊ፥ ዶሮዋን ይብለጣት። በደረቁ አቁላዪው። ውኃውን ሲጨርስ የ8 ብር ሚዛን ቅቤ ጣይበት። 3 ስኒ በርበሬ ጨምሪና ውኃ ጠብ እያደረግሽ አቁላዪ። ሽታው ሲለወጥ ዶሮዋን ክተቺ። ይንተክተክ። መከለሻውን ነስነስ አድርገሽ አውጪው።»

በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ሲጻፍ የተናጋሪው ቃል እንዳለ ይሰፍራል እንጂ ጸሓፊው አያሳምረውም። እዚህም እንደዚሁ የወይዘሮዋ ቃል በአንድ ወገን ተጽፎ ትርጓሜው በሌላው ወገን ተቀመጠ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ማቁላላት» የሚለው ግስ ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ፈጥኖ «ፍራይ» ብሎ ይመልሰዋል። ፍራይ ግን በቅባት መጥበስ ነው፤ የወጡም ጥፋት ከዚህ ይጀምራል። አቁላላ የሚለው ቃል ከቆላ የወጣ ነው፤ ሥሩም የግዕዙ ቀለወ ነው፤ ቆሎም ከዚሁ ይወጣል። እንግዲህ ቃሉ ራሱ መጀመሪያው ሥራ ያለ ቅባት መሆኑን ይነግረናል። ከሽንኩርት አብዛኛው ክፍል ውኃ ስለ ሆነ፥ በደረቅ ድስት ዝግ ባለ እሳት ሲማሰል ውኃው ይወጣል፥ አካሉም ይፈርሳል። ቅቤው አስቀድሞ የገባ እንደ ሆነ ግን የእያንዳንዱ ቍራጭ ጠርዝ ይጠበስና ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ ወጡም ሽንኩርቱ ለብቻ፥ መረቁ ለብቻ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «አቁላላ» የሚለው ቃል ሳይተረጐም በአማርኛ ድምፁ ተጻፈና በጎኑ እንዲህ ተባለ፤ «ያለ ቅባት፥ በዝግታ፥ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፥ ሽንኩርቱ እስኪሟሟ፤ ድስቱን ሲይዝ ጥቂት ሙቅ ውኃ ጨምሪ።» መድረሱ የሚታወቀው ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ ሲጐትቱት መንገዱ ወዲያው ሳይከደን ጥቂት ሲቈይ ነው። በዚህ ቀን 1 ኪሎ ከ600 ግራም የነበረው ሽንኩርት ሥራው ሲፈጸም 700 ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ፤ የፈጀውም ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ ነው።

«ጠብ ማድረግ» ሁለተኛው ነው። «ውኃ ጨምሪ» ብቻ ቢባል ልጅቱ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ባንድ ጊዜ ታፈሳለች፤ በርበሬውም መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል፥ ጥሬ ጥሬ እያለም ይቀራል። ወይዘሮዋ የሚጨምሩት ግን ከግማሽ ስኒ ያነሰ ነው፤ ያውም ድስቱ ደርቆ መያዝ ሲጀምር ብቻ። ልጅቱ በስልክ «ሽታው የሚለወጠው በስንት ደቂቃ ነው?» ብላ ብትጠይቅ፥ አያቲቱ «አፍንጫሽ ይነግርሻል እንጂ ሰዓት ምን ያውቃል፥ ልጄ!» ብለው መለሱ። መልሱ እውነት ነው፤ ለትርጕም ግን አይበቃም። ስለዚህ የሚያስነጥሰው የጥሬ በርበሬ ሽታ ሲጠፋና ቅቤው በድስቱ ዳር ቀይ ሆኖ ሲወጣ ተብሎ ተጻፈ።

ስለ መስፈሪያው ደግሞ፥ ስኒ ወደ እንግሊዝኛ «ካፕ» ተብሎ ቢመለስ ወጡ አይበላም። የወይዘሮዋ የቡና ስኒ ውኃ ተሞልቶ ቢለካ 75 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ በአሜሪካ የወጥ ቤት መጽሐፎች ያለው ካፕ ግን 240 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። በሦስት ስኒ ፈንታ ሦስት ካፕ በርበሬ የሚጨምር ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ስኒውም ካፑም ቀርቶ በግራም መጻፉ ይሻላል። አረጋዊት ሴት ግን ስትሠራ እጇን አስቁሞ መመዘን አይቻልም፤ እጇ መታየቱን ሲያውቅ ይሰስታል ወይም ይበዛል። የሚሻለው ዘዴ የበርበሬውን ዕቃ በሚዛን ላይ እንዳለ አስቀምጦ፥ እርሳቸው እንደ ልማዳቸው ሲዘግኑለት የጐደለውን ማንበብ ነው። በዚህ መንገድ የወይዘሮዋ ሦስት ስኒ 105 ግራም መሆኑ ታወቀ።

የቅቤው ነገር ግን ደስ የሚያሰኝ ሆነ። «የ8 ብር ሚዛን» ከእናታቸው የሰሙት ነው፤ የማርያ ቴሬዛ ብር በቀድሞ ዘመን ለሚዛንም ያገለግል ነበርና። የአንዱ ብር ክብደት 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ የእንግሊዝ ኦንስም 28 ግራም ከሲሶ ያህል ነው። ስምንት ብር «8 ኦንስ» ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ ከሦስት ግራም አይበልጥም፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለአስተርጓሚ ብዙ ጊዜ አይገጥመውም።

በዚያ አገር የማይገኘውን ነገር በሌላ መተካት ሁልጊዜ የተገባ አይደለም። በመከለሻው ውስጥ ያለው ኮረሪማ «ካርዳሞም» ተብሎ ቢጻፍ ልጅቱ አረንጓዴውን ሄል ትገዛለች፤ ጥቁር የሚባለውንም የህንድ ካርዳሞም ብትገዛ በጢስ የደረቀ ስለ ሆነ ወጡ ጢስ ጢስ ይላል። ስለዚህ ባለ ሱቁ እንዲያውቀው የሳይንስ ስሙ «አፍራሞሙም ኮሮሪማ» ተብሎ በጎኑ ተጻፈላት፤ ከታጣም አረንጓዴውን ሄል በግማሽ መጠን ታድርግ። በቅቤው ውስጥ የሚገቡት ኮሰረትና በሶብላ ቢታጡ ግን ያለ እነርሱ ይነጠር፤ በሌላ ቅጠል ከተተኩ ሽታው የሌላ አገር ይሆናል። በርበሬን ግን በምንም መተካት አይገባም። በአሜሪካ ሱቅ «ቺሊ ፓውደር» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከሙንና ሌላ ቅጠል የተቀላቀለበት ነው። በርበሬ ደረቅ ስለ ሆነ መንገድ አይጐዳውምና፥ ከወረቀቱ ጋራ አንድ ከረጢት ተላከ።

የቀረው የዶሮዋ ጕዳይ ነው። የአገራችን ዶሮ የቈየችና ሥጋዋ የጠነከረ ናት፤ በአዲስ አበባም ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በሎንዶን ግን በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከሱቅ የምትገዛው ዶሮም ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት ያላለፈች ጫጩት ናት። አያቲቱ «ሁለት ሰዓት ይንተክተክ» ያሉት እንዳለ ቢተረጐም ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ በወጡ ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዓት ተሠርዞ «40 ደቂቃ፥ ከዚያም እያዩ» ተባለ፤ መረቁም አስቀድሞ ለብቻው ረጅም ጊዜ እንዲንተከተክ ታዘዘ። ቈዳው ተገፎ፥ በሎሚና በጨው ታጥቦ፥ በ12 ብልት መለየቱም ተጻፈ፤ በዚያ አገር ሥጋ ሻጭ ብዙ ጊዜ በስምንት ይቈርጣልና፥ አሥራ ሁለቱ ብልቶች የቱ የት እንደሚቈረጥ የሚያሳይ ሥዕል በወረቀቱ ጀርባ ተሣለላት።