የሯጯ አጥንት ምን ይበላል?

እንግሊዛዊቷ ቦቢ ክሌይ እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊድን ኤስኪልስቱና ከተማ ከ20 ዓመት በታች የአውሮፓ የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነች። ሁለት ዓመት ቆይታ፣ ገና በ20 ዓመቷ፣ አጥንቷ እንደ አሮጊት አጥንት መሳሳቱን በይፋ ተናገረች። እግሯ የተሰበረው ስትሮጥ ወይም ወድቃ አልነበረም፤ ስትዋኝ የገንዳውን ግድግዳ ገፍታ ለመዞር ስትሞክር ነበር። ከመጠን በላይ ትሠራ፣ ከሚያስፈልጋት በታች ትበላ ነበር፤ የወር አበባዋም በሚጠበቅበት ዕድሜ አልመጣም።

ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ስፖርት አጥንት ያጠነክራል ሲባል ነው የኖረው። እውነት ነው፣ ያጠነክራል። ሩጫና ዝላይ አጥንቱን በጫኑት ቁጥር ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ያረጀውን ቦታ ያፈርሱና በአዲስ ይተካሉ። መፍረሱ ግን ከመገንባቱ ይቀድማል። ለግንባታው ጊዜ፣ ምግብና ሆርሞን ካልተገኘ የፈረሰው ሳይጠገን ሌላ ጫና ይደርስበትና ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣል።

በወጣት ሴት አካል ውስጥ አጥንት እንዳይፈርስ የሚጠብቀው ዋናው ሆርሞን ኤስትሮጅን ነው። ሰውነት የሚገባለት ምግብ ሲያንሰው መጀመሪያ ከሚቆጥባቸው ነገሮች አንዱ መውለጃው ነው። ኤስትሮጅን ይቀንሳል፣ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል። አሜሪካዊቷ ባርባራ ድሪንክዎተርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ የወር አበባቸው የቀረ ስፖርተኞች የአከርካሪ አጥንት ወሩን ጠብቆ ከሚመጣላቸው ጓደኞቻቸው የሳሳ ሆኖ ተገኝቷል።

ስንት ምግብ ነው «ያነሰ» የሚባለው? አን ላውክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሥራ፣ በልምምድ የሚቃጠለው ከተቀነሰ በኋላ ስብ ላልሆነው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ30 ኪሎ ካሎሪ በታች ሲቀር የመራቢያ ሆርሞኖች በአምስት ቀን ውስጥ መታወክ እንደሚጀምሩ አሳይታለች። 50 ኪሎ የምትመዝንና ከዚህ ውስጥ 10 ኪሎው ስብ የሆነ ሯጭ እንውሰድ። የሚቆጠረው 40 ኪሎው ነው፤ በ30 ሲባዛ 1,200 ይሆናል። በቀን 16 ኪሎ ሜትር ከሮጠች ደግሞ ወደ 800 ኪሎ ካሎሪ ታቃጥላለች። ስለዚህ በቀን 2,000 ብትበላ ገና ጠርዙ ላይ ቆማለች ማለት ነው። በደንብ እንዲበቃት 2,600 አካባቢ ያስፈልጋታል። ጠርዙ ለሁሉም ሴት እኩል ባይሆንም፣ ጠዋት ሮጣ ቁርስ የምትዘልል ልጅ ወዴት እንደምታመራ ስሌቱ ያሳያል።

ካልሲየም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 ከመቶው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ይገኛል፤ በደም ውስጥ ያለው ሲያንስ አካሉ ከአጥንት ይበደራል። በአሜሪካ የሚሠራበት መጠን ከ9 እስከ 18 ዓመት ላሉ በቀን 1,300 ሚሊግራም፣ ከ19 እስከ 50 ዓመት ላሉ 1,000 ሚሊግራም ነው። ለታዳጊዎቹ የሚበልጠው አንዲት ልጅ በጉልምስናዋ የሚኖራት አጥንት እስከ 90 ከመቶ የሚሆነው በ18 ዓመቷ ተገንብቶ ስለሚያልቅ ነው።

ካልሲየም ስብራትን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ምልምሎች መጥቷል። ከ5,000 በላይ ሴቶች ለስምንት ሳምንት በተከታተሉት ሥልጠና፣ ግማሾቹ በየቀኑ 2,000 ሚሊግራም ካልሲየምና 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት የእነሱ ስንጥቅ በ20 ከመቶ ማነሱን አሳየ። መጠኑ ግን ለጥናት የተመረጠ ነው። ከምግቡ ጋር ሲደመር ለአዋቂ ከተቀመጠው የ2,500 ጣሪያ በቀላሉ ስለሚያልፍ ማንም በራሱ ፈቃድ የሚኮርጀው አይደለም።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። አንድ ኩባያ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ እርጎም ከዚያ አይርቅም። ወተት ሆዷን ለሚነፋት ልጅ እርጎ ይሻላታል፤ ሲረጋ የወተቱ ስኳር ስለሚቀንስ። ውሃ ያልበዛበት አሬራም ከወተት አያንስም። ቅቤ ግን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። አይብም ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም፦ የኮመጠጠው አሬራ ሲሞቅ ካልሲየሙ ይሟሟና አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወርዳል።

ከወተት ውጭ ካሉት ጎመን ቀዳሚ ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ጎመን እንደ ዝርያው ከ100 እስከ 250 ሚሊግራም ይይዛል፤ ሰውነትም ከወተት ባላነሰ ሁኔታ ይወስደዋል። ስፒናች ግን በቁጥር ሀብታም ሆኖ ሳለ ኦክሳሌት የተባለ አሲድ ስለሚያስረው ከካልሲየሙ የሚገኘው 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቆስጣም ኦክሳሌት የበዛበት ስለሆነ የጎመንን ቦታ አይተካም። ከእህል ወገን ዳጉሳን የሚያህል የለም፤ 100 ግራም ዱቄት ወደ 340 ሚሊግራም አለው፣ ጤፍ ደግሞ ወደ 160። እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል።

የ19 ዓመቷን ሯጭ ቀን እናስላ። በፍስክ ቀን አንድ ኩባያ ወተትና አንድ ኩባያ እርጎ 600 ይሆናሉ፤ ጎመን 150፣ ከ200 ግራም ጤፍ የተጋገረ እንጀራ 300 ጨምሮ 1,000ውን ያልፋል። በሁዳዴ ግን ወተቱና እርጎው ይቀራሉ። እንጀራው ግማሹ ዳጉሳ ቢሆን 500 ይሰጣል፤ ጎመን ምሳም ራትም ቢቀርብ 300፤ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ያልተላጠ ሰሊጥ 175። ድምሩ 975 ነው። የእህሉና የሰሊጡ ካልሲየም እንደ ወተቱ በቀላሉ ስለማይወሰድ ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት አንድ ኩባያ ቢታከል መልካም ነው። ካልሲየሙ ከካርቶኑ በታች ስለሚዘቅጥ ከመቅዳት በፊት በደንብ ይናጣል። በጾም የበለጠ የሚያሰጋው ግን ከላይ የተሰላው 2,600 ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀመስ ተሩጦ እሱን በቀሪው ሰዓት መሙላት ከባድ ነው። ብዙ ሯጮች ከባዱን ልምምድ ወደ መፈሰኪያው ሰዓት የሚያስጠጉት ወይም ከንስሐ አባታቸው የሚመካከሩት ለዚህ ነው።

ኪኒን የታዘዘላት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም ባይበልጥ የተሻለ ይወሰዳል፤ ከብረት ኪኒን ጋርም አብሮ አይዋጥም። ፀሐይ በማያገኙበት የአውሮፓ ክረምት የሚሮጡ ልጆች ቫይታሚን ዲያቸውንም ማስለካት አለባቸው፤ ያለ እሱ ካልሲየም ከአንጀት በደንብ አይወሰድም።

ስንጥቅ ሲጀምር ምልክት አለው። የጡንቻ ሕመም ሰፋ ብሎ ይሰማና ሲሟሟቁ ይለቃል። የአጥንት ስንጥቅ ግን በቅልጥም ወይም በእግር ላይ አንዲት ጣት በምትሸፍነው ቦታ ይወጋል፤ በሮጡ ቁጥር ይብሳል፣ ሲቆይ ሌሊትም አያስተኛም። ኤክስሬይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ኤምአርአይ ግን ያሳያል። የብሽሽት ሕመም ከሆነ የዳሌው አንገት ሊሰበር ስለሚችል ሩጫው በዚያው ቀን ይቆማል።

እስከ 15 ዓመቷ የወር አበባ ያላየች፣ ወይም ሲመጣ ኖሮ ሦስት ወር የቀረባት ሯጭ፣ ሕመም ባይኖራትም ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስድ ከሆነ በየወሩ የሚታየው ደም ከኪኒኑ የመጣ ስለሆነ የሆርሞኗን ጤንነት አያረጋግጥም፤ ይህንንም ለሐኪሙ ቀድማ ትንገረው።