የዋጋ ዝርዝርን በተራ የቢሮ ወረቀት አጥፎ ስለ ማተም

8 ገጽ ያለው የዋጋ ዝርዝር ለደንበኞቹ ለማደል የሚሻ ነጋዴ፣ በሁለቱም ፊታቸው ታትመው መካከላቸው ላይ የሚታጠፉ 2 የኤ4 ወረቀቶች ይበቁታል። ይሁን እንጂ ገጾቹ በተራ ቁጥራቸው አይታተሙም፤ ጎን ለጎን የሚውሉት የሁለቱ ገጾች ቁጥር ሲደመር ዘወትር 9 ይሆናል። ይኸውም በአንደኛው ወረቀት ፊት 8 በግራ፣ 1 በቀኝ ይውላሉ፤ በጀርባው 2 በግራ፣ 7 በቀኝ። በሁለተኛው ወረቀት ፊት 6ና 3፣ በጀርባው 4ና 5 በዚሁ አኳኋን ይቀመጣሉ፤ ይህም ወረቀት በአንደኛው ውስጥ ይገባል። ማተሚያው ወረቀቱን በአጭሩ ጠርዝ በኩል እንዲገለብጥ ይታዘዝ፤ በረጅሙ ከገለበጠው የጀርባው ገጾች ተዘቅዝቀው ይወጣሉ። ስለዚህ ብዛቱ ከመታተሙ አስቀድሞ አንድ ቅጂ አትሞ፣ አጥፎና ገልጦ ከ1 እስከ 8 መቁጠር፣ የዕቃው ስም ከዋጋው እንዳይለያይና ወረቀት እንዳይባክን ያደርጋል።