ስምንት ዙር ወይስ አንድ ሰንጠረዥ? ስህተት የሚይዙት ሁለት ባይቶች

በፋብሪካ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ንባቡን በሽቦ ሲልክ አጠገቡ ያለ ትልቅ ሞተር ቢነሳ፣ የሞተሩ ረብሻ በሽቦው ላይ ካሉት ቢቶች አንዱን ሊገለብጥ ይችላል። ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1979 ያወጣውና ዛሬም በፋብሪካዎች የሚሠራበት የሞድበስ የመልእክት ሥርዓት፣ ለዚህ መከላከያ እንዲሆን በእያንዳንዱ መልእክት መጨረሻ ሁለት ባይት ይጨምራል። የሚከተለው እውነተኛ የሞድበስ መልእክት ነው፦

```
01 03 00 00 00 0A C5 CD
```

ትርጉሙ “አንደኛው መሣሪያ ሆይ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ የ10 ሬጅስተሮችን ዋጋ አንብብልኝ” ነው። የመጨረሻዎቹ `C5 CD` የማረጋገጫው ባይቶች ናቸው፤ ሲአርሲ ይባላሉ።

ባይቶቹን ደምሮ ድምሩን መላክ ለምን አይበቃም? `03` ወደ `04`፣ `0A` ደግሞ ወደ `09` ቢለወጥ ድምሩ ያው ነውና ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል። ሲአርሲ ግን መልእክቱን እንደ አንድ ረጅም የሁለትዮሽ ቁጥር ወስዶ ለተወሰነ አካፋይ ያካፍለውና ቀሪውን ይልካል። በዚህ ማካፈል ውስጥ የመቀነሱን ሥራ የሚሠራው ኤክስኦር ነው፤ ሁለት ቢቶች ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 ይሰጣል። ከላይ ባለው መልእክት `0A` በአንድ ቢት ብቻ ተለውጦ `0B` ቢሆን፣ ትክክለኛው ማረጋገጫ `04 0D` ይሆን ነበር። ተቀባዩ ራሱ አስልቶ ከደረሰው `C5 CD` ጋር ሲያነጻጽር አይገጥምለትም፤ መልእክቱንም ይጥለዋል።

ስሌቱ በትንሽ ፕሮሰሰር ላይ በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው ቢት በቢት ነው፦

```c
crc ^= b;
for (i = 0; i < 8; i++)
  crc = (crc & 1) ? (crc >> 1) ^ 0xA001
                  : crc >> 1;
```

ሥራው ከ`0xFFFF` ይነሳል። የመጀመሪያው ባይት `01` ሲገባ `0xFFFE` ይሆናል። የመጨረሻው ቢት 0 ስለሆነ ወደ ቀኝ መግፋት ብቻ ይበቃል፤ `0x7FFF` እናገኛለን። አሁን የመጨረሻው ቢት 1 ነውና ከተገፋ በኋላ ከ`0xA001` ጋር ኤክስኦር ሲደረግ `0x9FFE` ይወጣል። በዚሁ መንገድ ስምንቱ ዙር ሲያልቅ ውጤቱ `0x807E` ነው።

ሁለተኛው መንገድ የማባዣ ሰንጠረዥን በቃሉ እንደያዘ ተማሪ ነው። የስምንቱን ዙር ውጤት ለ256ቱም ባይቶች አስቀድሞ አስልቶ ያስቀምጣል፦

```c
crc = (crc >> 8) ^ table[(crc ^ b) & 0xFF];
```

ለዚያው `01` ከሰንጠረዡ በ`0xFE` ቦታ ያለው `0x8081` ይነሳል፤ ከ`0x00FF` ጋር ኤክስኦር ሲደረግ ያንኑ `0x807E` ይሰጣል።

ልዩነቱ በጊዜና በማስታወሻ ነው። አርዱኢኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ዑደት ይሠራል። በአሴምብሊ ሲጻፍ አንዱ የቢት ዙር 7 ወይም 8 ዑደት ስለሚፈጅ አንድ ባይት 60 ያህል ይወስዳል፤ በሰንጠረዥ ግን ከ15 እስከ 20 ይበቃዋል። ሰንጠረዡ በበኩሉ 512 ባይት ይይዛል። የዚህ ቺፕ ራም 2048 ባይት ብቻ ነው። ፕሮግራመሩ ሰንጠረዡን በ`PROGMEM` ፍላሽ ውስጥ ካላስቀረው ወደ ራም ይገለበጥና ሩቡን ይወስዳል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? መልሱ ያለው ባይቶቹ በሚመጡበት ፍጥነት ውስጥ ነው። በ9600 ቦድ፣ 11 ቢት የሚፈጀው አንድ የሞድበስ ባይት እስኪደርስ ፕሮሰሰሩ ከ18,000 በላይ ዑደት ይጠብቃል። ከዚያ ውስጥ 60ው ወደ 20 ቢወርድ የሚሰማ ለውጥ የለም፤ ስለዚህ 512 ባይት መክፈል ትርፍ የለውም። ኤስዲ ካርድ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። 512 ባይት ያለው አንድ ብሎክ በ8 ሜጋኸርዝ መስመር በግማሽ ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ ማረጋገጫው ቢት በቢት ሲሰላ ግን 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። እዚህ ሰንጠረዡ ዋጋውን ይመልሳል። መካከለኛ መንገድም አለ፦ ባይቱን ለሁለት ከፍሎ በ16 ረድፍ፣ ማለትም በ32 ባይት ሰንጠረዥ መሥራት።

የትኛውም ቢመረጥ መያዝ የሚችለው ስህተት አንድ ነው። እስከ 16 ቢት የሚደርስ ተከታታይ ብልሽትን ሁሉ ይይዛል፤ መልእክቱ ፈጽሞ ቢዘበራረቅ ግን ከ65,536 አንድ ጊዜ ሊያመልጠው ይችላል። ሆን ብሎ መልእክት የሚለውጥ ሰውንም አያቆምም፤ ሰውየው ማረጋገጫውን ራሱ እንደገና ማስላት ይችላልና።

ኮዱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ `123456789` የሚለውን ጽሑፍ ማስገባት ይበቃል። ውጤቱ `0x4B37` መሆን አለበት። `0xBB3D` ከወጣ መነሻው `0xFFFF` መሆኑ ቀርቶ ዜሮ ሆኗል ማለት ነው። ቁጥሩ ልክ ሆኖ መሣሪያው ዝም ካለ ደግሞ የሁለቱን ባይቶች ቅደም ተከተል ማየት ይገባል፤ ሞድበስ ታችኛውን ባይት ያስቀድማልና `0xCDC5` በሽቦው ላይ `C5 CD` ሆኖ ይሄዳል።