መልእክትን ለሁሉም መሰረዝ

መልእክትን ለሁሉም መሰረዝ ላኪው የላከውን ጽሑፍ፣ ፎቶ ወይም ድምፅ ከራሱ ስልክ ብቻ ሳይሆን ከተቀባዩም ስልክ የሚያጠፋበት የመልእክት መላላኪያ መተግበሪያዎች አገልግሎት ነው። በዋትስአፕ ላይ «Delete for everyone» በሚል ይታያል። ሁልጊዜ ግን አይሳካም።

የዋትስአፕ መልእክት በላኪው ስልክ ይመሰጠራል፤ የሚፈታውም በተቀባዩ ስልክ ላይ ነው። ሰርቨሩ መልእክቱን የሚይዘው እስኪያደርሰው ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ላኪው ሲሰርዝ ከማእከል የሚጠፋ ቅጂ የለም። ስልኩ «ያንን መልእክት አጥፋ» የሚል ሌላ መልእክት ይልካል፤ የተቀባዩ መተግበሪያም ይህ ሲደርሰው መልእክቱን አጥፍቶ መሰረዙን የሚገልጽ ማስታወሻ ይተካል። ላኪው የሚያውቀው ትእዛዙን መላኩን እንጂ መፈጸሙን አይደለም፤ ስረዛው ባይሳካም ዋትስአፕ አያሳውቀውም።

ለምሳሌ አንዲት ሴት የደመወዝ ዝርዝር ፎቶ በስህተት ለቤተሰብ ቡድን ልካ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሰረዘችው እንበል። ኢንተርኔት በተከፈተበት በወንድሟ ስልክ ላይ ፎቶው ወዲያው ይጠፋል። እናቷ ዳታ ዘግተው ከነበረ መልእክቱና ትእዛዙ ማታ ተከታትለው ይደርሷቸዋል፤ የሚያዩት ማስታወሻውን ብቻ ነው። የአጎቷ ልጅ አይፎን ግን የሚደርሱትን ፎቶዎች በራሱ ወደ ስልኩ አልበም የሚያስገባ ከሆነ፣ ፎቶው ከውይይቱ ቢጠፋም በአልበሙ ይቀራል። እህቷ ለሌላ ሰው አስተላልፋው ከሆነም ያ አዲስ መልእክት ስለሆነ ትእዛዙ አይነካውም። ስክሪንሾት ላነሳ ሰው ደግሞ ምንም መፍትሔ የለም።

የጊዜ ገደቡ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሲጀመር 7 ደቂቃ ብቻ ነበር። በ2018 ወደ 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከፍ አለ፤ እንግዳ የሚመስለው ቁጥር 4096 ሰከንድ፣ ማለትም 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከነሐሴ 2022 ጀምሮ ደግሞ 2 ቀን ከ12 ሰዓት ሆኗል። የሚቆጠረው መልእክቱ ከተላከበት እንጂ ከተነበበበት ጊዜ አይደለም። ገደቡ ካለፈ ከራስ ስልክ ብቻ ማጥፋት ይቻላል።

ሳይታወቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገርም አለ፦ ተጣድፎ «Delete for me» መጫን። መልእክቱ ከላኪው ስልክ ብቻ ይጠፋል፤ ሌሎቹ ጋ ግን እንዳለ ነው፤ ላኪውም መልሶ ሊነካው አይችልም። ከታኅሣሥ 2022 ወዲህ ይህን ስህተት ለመመለስ 5 ሰከንድ ይሰጣል።

ቴሌግራም ከዚህ ይለያል። ተራ ውይይቶቹ የሚቀመጡት በኩባንያው ሰርቨር ላይ በመሆኑ ስረዛው እዚያው ይፈጸማል። በ2017 የ48 ሰዓት ገደብ ነበረው፤ ከመጋቢት 2019 ጀምሮ ግን በሁለት ሰዎች መካከል በሚደረግ ውይይት ገደቡ ተነስቷል፤ ማስታወሻም አይተውም። የተላለፈ ወይም አስቀድሞ ወደ ስልክ የወረደ ቅጂን ግን እዚህም መመለስ አይቻልም።