«ማሩ አልደረሰኝም፣ ብሬን መልስ»

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከእጃጂ ማርና ቅቤ በቴሌግራም ለምትሸጡ ነው። ዕቃችን ጌዶን፣ ጉደርንና አምቦን አልፎ አዲስ አበባ አስኮ መናኸሪያ የሚደርሰው በመኪና ረዳት እጅ ነው። ደረሰኝም ፊርማም የለም። ሊዋሽ ያሰበ ገዥ የሚገባውም በዚህ ቀዳዳ ነው።

በቅርቡ አንድ ሰው 5 ኪሎ ማር አዞ በቴሌብር ከፈለ። ማሩ በደረሰበት ቀን ማታ «ምንም አልደረሰኝም፤ ብሬን አሁኑኑ መልስ፣ አለዚያ ሌባ ብዬ ግሩፕ ላይ እለጥፍሃለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ዕቃው የቀረበት ሰው መኪናው የት እንዳለ ይጠይቃል፣ የሹፌሩን ስልክ ይፈልጋል። ይሄኛው ማሩን ከነመፈጠሩ ረስቶታል። ረዳቱን ጨምረን ሦስታችን እናውራ ስለው ስልኩን አላነሳም አለ። ብሩ እንዲላክለት የፈለገውም በከፈለበት ቁጥር ሳይሆን በሌላ ቁጥር ነው። ይህን በፍጹም እሺ እንዳትሉ! ነገ የመጀመሪያው ቁጥር ባለቤት «ለእኔ ማን መለሰልኝ?» ብሎ ቢመጣ ሁለት ጊዜ መክፈላችሁ ነው።

እኔ ዕቃ ስጭን ለገዥው ብቻ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር በጽሑፍ እልካለሁ። ረዳቱ አያውቀውም። ገዥው ወይም የላከው ሰው መናኸሪያ ሲመጣ ቁጥሩን ለረዳቱ ይነግረዋል፤ ረዳቱ ደውሎ ለእኔ ይነግረኛል፤ ከገጠመ «ስጠው» እላለሁ። ገዥው ካልተናገረው ቁጥሩ ረዳቱ ጋ የሚደርስበት መንገድ የለም። የዚያን ቀን ረዳቱ ቁጥሩን በትክክል ነግሮኝ ስለነበር ለሰውዬው የጻፍኩለት «ቁጥሩን ለማን ሰጠኸው?» ብቻ ነው። ቆይቶ «ወንድሜ ተቀብሎት ይሆናል» አለ። ይቅርታ እንኳ የለም።

ዘዴው የሚያረጋግጠው ዕቃው መሰጠቱን እንጂ ባልዲው ውስጥ ያለውን አይደለም። «ጎድሏል» የሚል ገዥ ቢመጣስ? ለዚህ ባልዲውን ሚዛን ላይ አስቀምጬ፣ ክዳኑን በፕላስተር እስክጠቀልል ድረስ ሳላቋርጥ በቪዲዮ እቀርጻለሁ።

ሌላው፣ ከመከራከራችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የግል ምልልሱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ አንዳንዱ ተናዶ ሳይሆን አስቦበት ያጠፋል። ነገሩ ወደ ክስ ቢሄድ በስልክ የተጻፈ መልእክት ዋጋ የለውም የሚላችሁን አትስሙ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንዳያጣ ይደነግጋል።

ረዳቱ ቁጥሩን ሳይነግረኝ ዕቃውን ለሌላ ሰው ከሰጠ ግን ገዥው እውነቱን ነው። ያኔ ብሩን በከፈለበት ቁጥር እመልሳለሁ፤ ከረዳቱ ጋር የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ እንጂ ደንበኛው አይደለም።